ፀጉር ጫፍ ላይ የሚቀረው መጋረጃ

ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቤት ውስጥ ነው። ከጀርባ መጋረጃ አለ፣ ቡፌ አለ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ጃኬት አለ። ይህን ሁሉ ማጥፋት ዛሬ የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው። ሆኖም ባክግራውንዱ ተቆርጦ ከወጣባቸው ፎቶዎች ብዙዎቹን ላየ ሰው አንድ ነገር ወዲያው ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ፊቱ ደህና ነው፣ ሸሚዙ ደህና ነው፣ ፀጉሩ ዙሪያ ግን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ጭጋግ ተጣብቋል። አለዚያም ፀጉሩ በመቀስ የተከረከመ ይመስል ዳሩ ጥርት ብሎ ተቆርጧል፣ አፍሮው ግማሹ ጠፍቷል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ቀጭን ዳር ነው። ፊትና ልብስ በራሱ ይወጣል። ልፋት ያለበት ከፀጉሩ ጫፍ አንድ ጣት በማይሞላው ስፋት ላይ ነው፤ በተለይ ከርዳዳ፣ የተንጨባረረ ወይም አፍሮ የሆነ ፀጉር ሲሆን። የእኛ ፀጉር ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ መፍትሔው ሁሉ ግምት ይሆናል። ፎቶ የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል ደግሞ አንድ ቀለም ብቻ መያዝ ይችላል። አንዲት የፀጉር ዘለላ ከአንድ ፒክስል ልትቀጥን ትችላለች። ያኔ ፒክስሉ በከፊል ፀጉሩን፣ በከፊል ከኋላ ያለውን መጋረጃ ይይዝና ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቀለም አድርጎ ይመዘግባል። እንግዲህ በፀጉሩ ዳር ላይ ያሉት ፒክስሎች ፀጉርም አይደሉም፣ መጋረጃም አይደሉም። ባክግራውንድ የሚያጠፋው ፕሮግራም «ይህ ፒክስል ግማሹ ይታይ» ብሎ ቢወስን እንኳ የተቀላቀለውን ቀለም አልለወጠም። ግማሹ የሚታየው ፒክስል ውስጡ አሁንም መጋረጃ አለ።

በቁጥር ስናየው ግልጽ ይሆናል። አመልካቿ ጥቁር አፍሮ ፀጉር አላት፣ ከጀርባዋ አረንጓዴ መጋረጃ አለ እንበል። የፀጉሯ ቀለም ከ0 እስከ 255 በሚሄድ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ልክ 30፣ 25፣ 22 ይሁን፤ የመጋረጃው 60፣ 140፣ 70። ሁለቱን እኩል የያዘው የዳር ፒክስል በግርድፉ 45፣ 82፣ 46 ይሆናል፤ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ማለት ነው። ይህን ፒክስል ግማሹ እንዲታይ አድርገን 230፣ 230፣ 230 በሆነ ፈካ ያለ ግራጫ ላይ ብናስቀምጠው የምናገኘው 138፣ 156፣ 138 ነው። አረንጓዴው ከሌሎቹ በ18 ይበልጣል፣ ዓይንም ይህን ያያል። ፒክስሉ የፀጉሩን ቀለም ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ 130፣ 128፣ 126 እናገኝ ነበር፤ ይህ ከግራጫው ጋር የሚዋሃድ፣ ማንም የማያስተውለው ቀለም ነው። የሥራው ሁሉ ምሥጢር በእነዚህ ሁለት ውጤቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ባክግራውንድን ማጥፋት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የትኛው ፒክስል ምን ያህል እንደሚታይ መወሰን፣ ከዚያም በዳሩ ላይ የቀረውን የአሮጌውን ባክግራውንድ ቀለም ማውጣት። አብዛኛው ሰው የሚያቆመው የመጀመሪያው ላይ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። አዲሱ ባክግራውንድ በቀለምም በብርሃንም ከአሮጌው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ በዳሩ የቀረው ቅልቅል አይታይም። ስለዚህ ፎቶው ገና ካልተነሣ፣ የሚቆሙበትን ቦታ መምረጥ ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጣል። ፈካ ያለ ግራጫ ወይም ክሬም ግድግዳ ፊት ይቁሙ፤ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቦታ ካለ አንድ ሜትር ተኩል ይራቁ። ቀረብ ካሉ ጥላዎ ግድግዳው ላይ ይወድቃል፣ የግድግዳው ቀለምም በአንገትና በነጭ ኮሌታ ላይ ያንጸባርቃል። ፊትዎ ወደ መስኮት ይሁን፤ መስኮቱ ከጀርባ ከሆነ ግን ብርሃኑ የፀጉሩን ዳር ይበላዋል፣ የተበላውን ደግሞ ማንም መልሶ አያመጣውም። የክፍሉን አምፖል ያጥፉ፤ ከአንድ ወገን የመስኮት ብርሃን፣ ከሌላው ቢጫ አምፖል ከመጣ ፊቱ ሁለት ቀለም ይሆናል።

በስልክ ሲያነሡ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ባክግራውንዱን የሚያደበዝዘውን የፖርትሬት ዘዴ አይጠቀሙ። ስልኩ ፀጉሩ የት እንደሚያልቅ ገምቶ ነው የሚያደበዝዘው፤ ግምቱ ሲሳሳት የፀጉሩን ጫፎች አብሮ ያደበዝዛቸዋል። ቆርጠን ልናወጣው የምንፈልገው ዝርዝር ያኔ ምስሉ ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ ጀርባው ነጭ ግድግዳ ሲሆን ስልኩ «ብርሃን በዛ» ብሎ ምስሉን ሁሉ ያጨልመዋል፤ ጠይም ፊት ደግሞ በዚህ በጣም ይጎዳል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነካ አድርገው የብርሃን ምልክቷን ጥቂት ወደ ላይ ይግፏት። ግድግዳው ቢፈካ ግድ የለም፣ የሚጠፋ ነው። የፀጉሩን ጫፍ እስኪበላ ድረስ ግን አይፍካ።

ፎቶውን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውሩ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ አይላኩት። ቴሌግራም ምስሉን አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያደርሰው። ጭመቃው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የፀጉር ጫፍን የመሰለ ጥቃቅን ዝርዝር ነው፤ ጄፔግ የሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ቀለምን ከብርሃን ባነሰ ጥራት ስለሚያስቀምጥ የመጋረጃው አረንጓዴ ወደ ጎረቤት ፒክስሎችም ይፈሳል። እንደ ፋይል ብለው ይላኩት፣ ወይም በኬብል ይገልብጡት።

አሁን ወደ ቆረጣው። በኢንተርኔት በነፃ የሚሠሩ አገልግሎቶች፣ ለምሳሌ remove.bg፣ ለተቆረጠ አጭር ፀጉር፣ ለራሰ በራ፣ ለሂጃብና ለሻሽ በአብዛኛው ጥሩ ውጤት ይሰጣሉ፤ ዳሩ አንድ ወጥ ስለሆነ። በነፃ የሚሰጡት ምስል ግን ትንሽ ነው፤ በ remove.bg ሩብ ሜጋፒክስል ገደማ፣ ማለትም አራት ማዕዘን ቢሆን በ500 በ500 ፒክስል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ከወገብ በላይ የተነሣውን ሙሉ ፎቶ ይጭናል፣ ሩብ ሜጋፒክስሉ ለክንድና ለባዶ ግድግዳ ይከፋፈላል፣ በኋላ ፊቱን ሲከረክም ደብዛዛ ነገር ይቀርለታል። መጀመሪያ ይከርክሙ፣ ከዚያ ይጫኑ። እንዲያ ከሆነ ያው ነፃ ምስል ለጉርድ ፎቶ ይበቃል፤ 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ጉርድ በጥሩ ጥራት ለመታተም የሚፈልገው 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው።

ለአፍሮና ለተንጨባረረ ፀጉር ግን እኔ በእጅ መሥራትን እመርጣለሁ። GIMP የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ፎቶዎም ከኮምፒውተርዎ አይወጣም። የአረንጓዴ መጋረጃዋን አመልካች ፎቶ ይዘን እንሂድበት።

ፎቶውን ከፍተን መጀመሪያ እንከረክመዋለን። ለፕሮፋይል አራት ማዕዘን ይመረጣል፤ የመሃሉ ነጥብ አፍንጫ አካባቢ፣ ከታች ትከሻ የሚታይበት። አፍሮ ሲሆን የጭንቅላቱን መጠን በፀጉሩ አናት ሳይሆን በፊቱ ይለኩ፤ በፀጉሩ ከለኩ ፊቱ በጣም ያንሳል። ከፀጉሩ በላይ ጥቂት ባዶ ቦታ ይተዉ። ሊንክድኢን ፎቶውን በክብ ስለሚያሳየው አራቱ ማዕዘኖች ይቆረጣሉ፤ ሰፊ ፀጉር ክቡ ውስጥ መግባቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ `Layer > Transparency > Add Alpha Channel` እናደርጋለን። ይህ ፒክስሎቹ ብርሃን አሳላፊ መሆን እንዲችሉ ይፈቅዳል። አሁን `Foreground Select` የሚባለውን መሣሪያ እንይዝና በአመልካቿ ዙሪያ ልቅ አድርገን እንዞራለን፤ ከመጨረሻዋ የፀጉር ጫፍ ወጣ ብለን፣ አንዲትም ዘለላ ውጭ ሳናስቀር። `Enter` ስንል ከመስመሩ ውጭ ያለው ሁሉ ባክግራውንድ ተብሎ ይመዘገባል። ቀጥሎ `Draw Foreground` ላይ ሆነን በእርግጠኝነት የእሷ የሆነውን እንቀባለን፤ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ልብሱን፣ የፀጉሩን ጥቅጥቅ ያለ መሃል። ወደ ፀጉሩ ዳር አንጠጋም። ጥቅጥቁ ካለቀበት እስከ መጨረሻው ጫፍ ያለው ቀለበት ሳይቀባ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ግራና ቀኙን አይቶ እያንዳንዱ ፒክስል ስንት እጅ ፀጉር እንደሆነ የሚያሰላው እዚያ ላይ ነው። ሰዎች እዚህ የሚሳሳቱት በጥንቃቄ ብዛት ነው፤ ብሩሹን እስከ ዳር ያደርሱትና በዘለላዎቹ መካከል የሚታየውን መጋረጃ «ይህም ፀጉር ነው» ብለው ያጸድቁታል። አረንጓዴው ጠጠር ብሎ የሚቀረው ያኔ ነው።

`Preview mask` ላይ ምልክት አድርገን ውጤቱን እንየው። ጆሮና ትከሻ ላይ የጎደለ ካለ በብሩሹ እንጨምራለን፤ ከዚያ `Enter`። የተመረጠውን ወደ ማስክ ለመለወጥ `Layer > Mask > Add Layer Mask` ከፍተን `Selection` የሚለውን እንመርጣለን። ማስክ የትኛው ፒክስል ምን ያህል እንደሚታይ የሚወስን ሽፋን ነው። ከዚያ ከ`Select` ሥር `None` ብለን ምርጫውን እንፈታዋለን፤ ካልፈታነው የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ በምርጫው ይገደባል። በማስክ መሥራት በ`Delete` ከማጥፋት ይሻላል፤ በማስክ የተደበቀ ፒክስል አለ፣ ነጭ ብሩሽ ሲነካው ይመለሳል። የጠፋ ግን ጠፋ።

አሁን ከሥር አዲስ ሌየር፣ ማለትም ሌላ የምስል ንብርብር፣ ከፍተን ፈካ ያለ ግራጫ እንሙላበት፤ በ`#E6E6E6` ልክ፣ ይህ ያው 230 ነው። እዚህ ላይ ለምርመራ ብቻ ሌላ ጥቁር ሌየር፣ ቀጥሎም ደማቅ ቀይ ሌየር ከሥር አስገብቶ ማየት በጣም ይረዳል። ግራጫ ላይ የተደበቀ ነጠብጣብ ሁሉ ጥቁርና ቀይ ላይ ይወጣል። ከፀጉሩ ራቅ ብሎ ስስ ጭጋግ ከታየ፣ ማስኩን መርጠን በ`Colors > Levels` የጥቁሩን ጠርዝ ከ0 ወደ 20 ወይም 30 እናስጠጋለን፤ በጣም ደካማ የነበሩት ፒክስሎች ሙሉ በሙሉ ይጠፋሉ። ከዚህ በላይ ከገፉት የፀጉሩ ጫፎችም አብረው ይሄዳሉና እያዩ ያቁሙ።

አሁን ዳሩ ቅርጹን ይዟል፣ አረንጓዴው ግን አለ። ወደ ተቀላቀለው ቀለም የምንደርሰው እዚህ ነው። ከማስኩ ወጥተን ራሱን ምስሉን እንመርጣለን። ብሩሽ እንይዝና `Mode` ከሚለው `Darken only` እንመርጣለን። ከዳሩ ወደ ውስጥ ገባ ካለ ቦታ የፀጉሩን ቀለም እንቀዳለን፤ በምሳሌያችን 30፣ 25፣ 22። ከዚያ በፀጉሩ ዳር ላይ ብቻ ዙሪያውን እናልፋለን። ይህ ዘዴ ከሁለቱ ቀለሞች ጠቆር ያለውን ነው የሚያስቀረው፤ ስለዚህ 45፣ 82፣ 46 የነበረው ፒክስል 30፣ 25፣ 22 ይሆናል። ምን ያህል ይታይ የሚለውን ማስኩ ስለሚወስን ብሩሹ ከዳሩ ቢወጣም የሚያበላሸው ነገር የለም። ከላይ ያሰላነው አረንጓዴ ያዘለ ቀለም በዓይናችን ፊት ከግራጫው ጋር ወደሚዋሃደው ይለወጣል። አረንጓዴው ጭጋግ ይጠፋል፣ ጫፎቹ ግን ሁሉም አሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብሩሹን ወደ ፀጉሩ መሃል ካስገቡት ብርሃን ያረፈባቸው ክሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ይሆኑና ፀጉሩ ቆብ ይመስላል። ሽበት ላለው ሰው ደግሞ ይህ ዘዴ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሽበቱን ያጠቁርበታል። ለሽበት `HSL Color` የሚለውን ዘዴ በግራጫ ቀለም ይጠቀሙ፤ አረንጓዴውን ያወጣል፣ የክሩን ፍካት አይነካም። መጋረጃው በነጭ ኮሌታ ወይም በአንገት ሥር ያንጸባረቀውን ለማውጣትም ያው `HSL Color` ይሠራል፤ ለኮሌታው ግራጫ፣ ለአንገቱ ከጉንጭ የተቀዳ የቆዳ ቀለም።

የልብሱና የትከሻው ዳር የተለየ ጠባይ አለው። እዚያ ክር የለም፣ ስለዚህ መጋረጃው እንደ ቀጭን መስመር ነው የሚቀረው። ማስኩን አንድ ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ መግፋት ይበቃዋል። በተቃራኒው ዳሩ እንደ ምላጭ ከተሳለ ሰውየው ግራጫው ላይ የተለጠፈ ስቲከር ይመስላል፤ ማስኩን በትከሻው በኩል ብቻ በግማሽ ወይም በአንድ ፒክስል ማለስለስ ይህን ይፈታል። ፀጉሩን አብሮ ማለስለስ ግን የተደከመበትን ሁሉ ማደብዘዝ ነው።

የሚረሱ ቦታዎች አሉ። በቀለበት ጉትቻ ቀዳዳ ውስጥ መጋረጃው ቁጭ ብሎ ይገኛል። በአንገትና በረዘመ ፀጉር መካከል ያለችው ክፍተትም እንዲሁ። መነጽር የለበሰ ሰው ከሆነ ከፊቱ ጎን በሚወጣው የመስታወት ጫፍ ውስጥ የአሮጌው ክፍል ቁራጭ ይታያል። ሹሩባ ሲሆን በጉንጉኖቹ መካከል ያለው መስመር የራስ ቆዳ እንጂ ባክግራውንድ አይደለም፤ ፕሮግራሞች ግን ከአናቱ ዳር ሲደርሱ አንዳንዴ ቀዳዳ ያወጡበታል። ነጠላ ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ከኋላ ያለው ነገር በእርግጥም ያሳልፋል፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ከተነሣ ፕሮግራሙ ነጠላውን ከግድግዳው ጋር ይወስደዋል፣ ትከሻም አብሮ ይጠፋል። ነጠላውን በ`Draw Foreground` እስከ ዳሩ በሙሉ መቀባት፣ እንደማያሳልፍ ጨርቅ መያዝ ይሻላል። በጥለቱ በኩል ያሉትን ዘርፎች አንድ በአንድ ለማውጣት መድከም ግን አያዋጣም፤ ፎቶው በሚታይበት መጠን አይለዩም።

የአዲሱን ባክግራውንድ ቀለም በተመለከተ ንጹሕ ነጭን አልመርጥም። ነጭ ሸሚዝና ነጭ ነጠላ ይውጠዋል፤ ሲቪው ላይ ሲቀመጥም ፎቶው ከወረቀቱ ጋር ይዋሃድና የተቆረጠ ጭንቅላት ብቻ ይቀራል። ከ225 እስከ 235 ያለ ግራጫ ለጥቁር ፀጉርም ለነጭ ሸሚዝም ይስማማል። የተሠራ ቢሮ ወይም የመጻሕፍት መደርደሪያ ከኋላ ማስገባት ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ከፊቱ ብርሃን ጋር ስለማይገጥም ሐሰትነቱ ያስታውቃል፤ ማመልከቻ ላይ ደግሞ ሐሰት ማስታወቅ የለበትም። በዚያው ስሜት፣ ፊቱ ጠቁሮ ከሆነ በ`Curves` መሃሉን ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ያ ካሜራው የቀነሰውን ብርሃን መመለስ ነው። የቆዳን ቀለም ማቅላት ግን ሌላ ሥራ ነው። ለቃለ መጠይቅ የሚገባው ሰው ፎቶው ላይ ያለው ሰው መሆን አለበት።

ሲጨርሱ ሁለት ፋይል ያስቀምጡ። አንደኛው `.xcf`፣ ማስኩን እንደያዘ፣ ለእርማት የሚሆን። ሁለተኛው ለመላኪያ። ለመላኪያው ከግራጫው ጋር `Image > Flatten Image` አድርገው፣ በ`Image > Scale Image` ወደ 800 በ800 ፒክስል አውርደው፣ በ`File > Export As` ጄፔግ አድርገው በ90 ጥራት ያውጡት። ባዶ ጀርባ ያለውን `.png` እንዳለ ወደ ማመልከቻ ገጽ መጫን አደጋ አለው። ጄፔግ ብርሃን አሳላፊነት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ገጹ ፋይሉን ወደ ጄፔግ ከለወጠው ባዶው ቦታ በጥቁር ሊሞላ ይችላል። ጥቁር ፀጉር በጥቁር ላይ ሲሆን ደግሞ የቀጣሪው ስክሪን ላይ የሚታየው ፊትና ሸሚዝ ብቻ ነው።

ፎቶው ለየትኛው አገር እንደሚላክም ይታሰብበት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲቪ ላይ ፎቶ ማድረግ የተለመደ ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የእኩል አያያዝ ሕግ ምክንያት ቀጣሪ ፎቶ አምጡ ብሎ አያስገድድም፣ ልማዱ ግን አለ። አሜሪካ ውስጥ ሲቪ ላይ ፎቶ አይደረግም፤ የዚህ ሥራ ቦታው ሊንክድኢን ነው።

በመጨረሻም ይህን ፎቶ ለዲቪ ማመልከቻ እንዳይጠቀሙበት። የዲቪ ፎቶ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚጠጋ ባክግራውንድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ግራጫውን በነጭ ለውጦ መላክ የሚያምር አቋራጭ ይመስላል። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት በኮምፒውተር የተለወጠ ፎቶ አይቀበልም፤ ባክግራውንድ መቁረጥም ለውጥ ነው። ለዚያ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆመው እንደገና ይነሡ።